ምዕራፍ ስድስት፦ የተበዳይ ታሪክ በበዳይ አፍ

ብዙ የይቅርታ መልእክቶች የሚበላሹት ጸሐፊው ስላልተጸጸተ አይደለም። ተጸጽቶም ቢሆን፣ ስልኩን ይዞ ሲቀመጥ አስቀድሞ የሚመጣበት ሐሳብ ስለ ራሱ ስለሆነ ነው። «ምን ብሎ ያስበኛል? ክፉ ሰው አድርጎ ቢቆጥረኝስ? የነበርኩበትን ችግር ካልነገርኩት እንዴት ይረዳኛል?» እያለ ይጽፋል። በዚህ መንገድ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ሁሉ የጸሐፊው ጠበቃ ይሆናል። የተበደለው ሰው ግን መልእክቱን ሲከፍት የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ያ ያስቀየመው ሰው የደረሰበትን ነገር በትክክል አውቆት እንደሆነ ማየት ይፈልጋል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ተበዳይ ታሪኩን ከነሰዓቱ፣ ማን አጠገቡ እንደነበረና ምን እንደተሰማው ጭምር ያውቀዋል። በዳይ ያንኑ ታሪክ ሳያሳጥርና ሳያለዝብ በራሱ አፍ መናገር ሲችል፣ ያኔ ይቅርታው ከልብ የመጣ መሆኑ ይታወቃል። በዚህ ምዕራፍ አንድ መልእክት ይዘን፣ ከመከላከያነት ወደ እውነተኛ ይቅርታ እንዴት እንደሚለወጥ መስመር በመስመር እናያለን።

ሐሙስ ማታ፣ ሰቃ

ጉዳዩን ለማሳያ ያዘጋጀሁት ነው፤ ቦታውና ሥራው ግን ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ በምትገኘው በሰቃ በየዓመቱ የሚታይ ነው። ወሩ ኅዳር ነው፤ ቡና የሚለቀምበት ጊዜ። ሰቃ ያለውን ነስሩ እንበለው፣ ጅማ ያለውን ከድር። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው። ነስሩ አባቱ ያወረሰው የቡና ማሳ አለው፤ ከድር ደግሞ በአንድ ፒካፕ የጭነት ሥራ ይሠራል።

ነስሩ ሐሙስ ዕለት ለቃሚዎች ቀጥሮ ስምንት ማዳበሪያ ሙሉ ቀይ ቡና አስለቀመ። ከድር አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ወደ መፈልፈያ ጣቢያው ሊያደርስለት ተስማምተው ነበር። ቀይ ቡና ደግሞ ቀጠሮ የሚያሸጋግሩለት ዕቃ አይደለም። በተለቀመበት ቀን ወደ ማሽኑ መግባት አለበት። በላስቲክ ማዳበሪያ ታጭቆ ካደረ ከውስጥ ይሞቃል፣ መብላላት ይጀምራል፣ ሽታውም ይለወጣል። እንዲህ የሆነውን ቡና የታጠበ ቡና የሚያዘጋጅ ጣቢያ አይቀበልም። ባለቤቱ ያለው አማራጭ አልጋ ላይ አስጥቶ ጀንፈል ማድረግ ነው፤ ያ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል፣ በማዳበሪያ የሞቀው ቡናም ደህና ዋጋ አያወጣም።

ከድር አልመጣም። ልክ ሊነሳ ሲል ወደ አጋሮ የሚሄድ ጭነት መጣለት፤ ዋጋው ጥሩ ነበር። ለነስሩ ደውሎ መንገር አፈረና ዝም ብሎ ወጣ። ስልኩ ሲጠራ የነስሩን ስም እያየ አላነሳም። ነስሩ ከለቃሚዎቹ ጋር እስኪጨልም መንገድ ላይ ቆመ። ከጣቢያው በሚያገኘው ብር ሊከፍላቸው ነበር። ባዶ እጃቸውን ሸኛቸው።

ዓርብ ማታ ከድር ጅማ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይህን ጻፈ፤ ገና አልላከውም፦

«ነስሩ ወንድሜ እንዴት ነህ። ለትናንቱ ነገር ይቅርታ፣ ሳይመቻች ቀረ። እንደምታውቀው የሰሞኑ ሥራ ውጥረት ነው፣ ስልኬም ቻርጅ ጨርሶ ነበር። አስቀይሜህ ከሆነ አፉ በለኝ። እኔ እኮ ሆን ብዬ አንተን ልጎዳ አልችልም፣ ታውቀኛለህ። አንተም ብትሆን መዘግየቴን ስታይ ሌላ መኪና ማናገር ትችል ነበር። በዚህ ትንሽ ነገር እንዳንቀያየም። በአላህ መልስልኝ።»

ይህን መልእክት ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ይቅርታ የሚል ቃል አለበት፣ ወንድሜ የሚል አለበት፣ ልመናም አለበት። ነስሩ ግን አንብቦ ሲጨርስ የባሰ ይናደዳል። ለምን እንደሆነ ለማወቅ መልእክቱን ፈትተን ማየት አለብን።

አድራጊው የጠፋበት ዓረፍተ ነገር

«ለትናንቱ ነገር» እና «ሳይመቻች ቀረ» በሚሉት እንጀምር። የአማርኛ ግስ አድራጊውን በጫፉ ይዞ ይዞራል፤ «ቀረሁ» ስንል እኔ አለሁበት፣ «ቀረ» ስንል የለሁበትም። አንድ ፊደል ሲነሳ ሰውየውም አብሮ ከታሪኩ ይወጣል። «ተፈጠረ»፣ «ተከሰተ»፣ «ሆነ»፣ «አለመግባባት ነበር»፣ «ሸይጧን ገባብን» የሚሉት ሁሉ ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። ጉዳቱን ሰው የሌለበት፣ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ያስመስሉታል። ነስሩ ግን መንገድ ላይ ቆሞ የጠበቀው አንድ ሰው ነው፤ የደወለውም ለአንድ ሰው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርማት ቀላል ነው። በመልእክቱ ውስጥ ያሉትን ግሶች አንድ በአንድ አስምርባቸውና «ይህን ያደረገው ማን ነው?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ «እኔ» የሆነበት ቦታ ሁሉ ግሱን ወደ «እኔ» መልሰው። «ሳይመቻች ቀረ» የሚለው «እመጣለሁ ብዬ አልመጣሁም» ይሆናል። «ለትናንቱ ነገር» የሚለው ደግሞ ነገሩ ራሱ በስሙ ይጠራ ማለት ነው፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተገባው ቃል፣ ያልተነሳው ስልክ። ተበዳይ «የቱን ነገር ማለቱ ነው?» ብሎ እንዲገምት አትተወው። ዝርዝር ነገር መጻፍ ራስን ማዋረድ ይመስላል፤ ለሚያነበው ሰው ግን «ያየኸውን አይቻለሁ» ማለት ነው።

ቀጥሎ «አስቀይሜህ ከሆነ» የሚለው ነው። ይህች «ከሆነ» ጥፋቱን ጥርጣሬ ውስጥ ትከታለች፤ ቡናው በመበላሸቱ ላይ ሳይሆን ነስሩ ሆደ ባሻ በመሆን አለመሆኑ ላይ ክርክር ትከፍታለች። ከድር በሰቃ ያደገ ሰው ነው፤ ቀይ ቡና በማዳበሪያ ሲያድር ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ያውቃል። እያወቀ «ከሆነ» ማለቱ ለነስሩ አላዋቂ መምሰል ነው። «ከሆነ» የሚገባው ሰው በእውነት ጉዳት መድረሱን በማያውቅበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም ቢሆን «ከሆነ» ብሎ ከመላክ «ምን ደረሰብህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ምክንያት መቼ ነው ሰበብ የሚሆነው

«ታዲያ ምክንያቴን ጭራሽ አልናገር?» የሚል ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሳል። ተናገር። ምክንያት በራሱ የይቅርታ ጠላት አይደለም። በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ሮይ ሌዊኪና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይቅርታን በስድስት ክፍሎች ከፍለውት ነበር፦ መጸጸትን መግለጽ፣ ምክንያቱን ማስረዳት፣ ኃላፊነትን ማመን፣ ሁለተኛ አይለመደኝም ማለት፣ ጉዳቱን ለመጠገን መነሳት፣ እና ይቅርታ እንዲደረግ መለመን። በ755 ሰዎች ዘንድ ሲመዘን ከሁሉ የላቀው ኃላፊነትን ማመን ሆነ። ጉዳቱን ለመጠገን መነሳት ተከተለው። ከሁሉ ያነሰ ክብደት ያገኘው «ይቅር በለኝ» የሚለው ልመና ነበር። ጥናቱ የተሠራው በሥራ ጉዳይ ላይ በተጻፈ ምናባዊ ታሪክ ነው፤ ስለዚህ ለጓደኝነት እንዳለ አንወስደውም። ነገር ግን የከድርን መልእክት በዚህ ሚዛን ብናስቀምጠው ጉድለቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከባዶቹ ሁለቱ ክፍሎች ጨርሶ የሉበትም፤ ቀላሉ ግን ሁለት ጊዜ ተደግሟል።

የእኛም ሽምግልና ቅደም ተከተሉን ከዚህ የተለየ አላደረገውም። ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው ጥፋቱን ሳያምን ካሣ አይነሳም፣ ካሣ ሳይነሳም እርቅ አይወርድም። በዳይ መጥቶ ቀጥታ «እርቅ አውርዱልኝ» ቢል «በመጀመሪያ ጥፋትህን እመን» ይባላል። ከድር በስልኩ የሞከረው ሁለቱን ደረጃ ዘሎ ሦስተኛው ላይ መውጣት ነው።

ምክንያትን ከሰበብ የምንለይባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው እውነት መሆኑ ነው። «ስልኬ ቻርጅ ጨርሶ ነበር» የሚለው ውሸት ነው፤ ነስሩም ስልኩ ይጠራ እንደነበር በጆሮው ሰምቷል። ይህ ከቃላት አመራረጥ በላይ ነው። ውሸት ያለበትን መልእክት በየትኛውም አጻጻፍ ከልብ የመጣ ማስመሰል አይቻልም። ከድር መልእክቱን ደጋግሞ ሲያርም ልክ አልሆን ያለው አማርኛው ስለደከመ አይደለም፤ ትክክለኛው ምክንያት ገና ስላልተጻፈ ነው።

ሁለተኛው ቦታው ነው። ምክንያት ከጥፋቱ በፊት ሲመጣ መከላከያ ሆኖ ይሰማል፤ አንባቢው ጥፋቱ ሲነገር ከመስማቱ በፊት ይቅርታ አድርግ እየተባለ ነውና። ጥፋቱና ጉዳቱ ከተነገሩ በኋላ፣ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ሲገባ ግን ማብራሪያ ይሆናል። ሦስተኛው የሚጠቅመው ሰው ነው። «ይህን ምክንያት ማወቁ ለነስሩ ይጠቅመዋል ወይስ የእኔን ድርሻ ይቀንስልኛል?» ብለህ ጠይቅ። «ሰሞኑን ሥራ ውጥረት ነው» የሚለው የከድርን ሸክም ለማቅለል የገባ ነው። «የተሻለ ገንዘብ መጣልኝና እሱን መረጥኩ፣ ልነግርህም አፈርኩ» የሚለው ግን ነስሩ ሲያብሰለስለው ያደረውን ጥያቄ ይመልስለታል፤ «ምን አድርጌው ነው ስልኬን ያላነሳው?» እያለ ነበርና። መልሱ የሚያስደስት ባይሆንም ግምቱን ያቆምለታል።

ተበዳይን የሚወቅሱና የሚያስጨንቁ መስመሮች

«አንተም ብትሆን ሌላ መኪና ማናገር ትችል ነበር» የሚለው ምናልባት እውነትነት ይኖረው ይሆናል። ግን በይቅርታ መልእክት ውስጥ ቦታ የለውም። በጓደኛሞች መካከል በተፈጠረ ቅያሜ ሁለቱም ጥፋት ሊኖርባቸው ይችላል፤ ያኔ የራስህን ድርሻ ለብቻው ተናግረህ ጨርስ። የእሱን ድርሻ ማንሳት ካለብህ ሌላ ቀን፣ ፊት ለፊት፣ የአንተ ጉዳይ ካለቀ በኋላ ይሁን። ሁለቱ በአንድ መልእክት ከገቡ አንባቢው የሚያስታውሰው ወቀሳውን ብቻ ነው። «ግን» የምትለዋን ቃል ፈልጋት፤ በይቅርታ መልእክት ውስጥ ከእሷ በኋላ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ክስ ወይም ሰበብ ነው። «እኮ» እና «እንደምታውቀው» የሚሉትም አንባቢውን ያለ ፈቃዱ ምስክር አድርገው የሚጠሩ ናቸው።

«በዚህ ትንሽ ነገር» የሚለው ደግሞ ጉዳቱን በበዳይ እጅ ይመዝነዋል። የጉዳትን ትልቅነት የሚናገረው የተጎዳው ነው። «ታውቀኛለህ» የሚለውም አይረዳም፤ ነስሩን የጎዳው ይህ አውቀዋለሁ ያለው ሰው ሌላ ሆኖ መገኘቱ ነውና።

«በአላህ መልስልኝ» የሚለው መጨረሻ ለስላሳ ይመስላል፤ ግን ተበዳይን ያጣድፈዋል። ነስሩ ገና ከንዴቱ አልበረደም፤ አሁን ዝም ካለ ደግሞ የፈጣሪ ስም ተጠርቶበት እምቢ ያለ ሰው ሊሆን ነው። የዚህ ሌላው መልክ ራስን ከልክ በላይ መስደብ ነው፦ «እኔ የማልረባ ሰው ነኝ፣ ጓደኝነትህ አይገባኝም።» ይህን የሚያነብ ጓደኛ የራሱን ቁስል ትቶ ሊያጽናናህ ይገደዳል። ትሕትና ይመስላል፤ ውጤቱ ግን የመልእክቱን መሐል ተመልሶ አንተ እንድትይዘው ማድረግ ነው።

መከላከል እንዲህ የሚያሸንፈን ይቅርታ መጠየቅ ስለ ራሳችን ያለንን መልካም ግምት የሚያሰጋ ስለሚመስለን ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካሪና ሹማን በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ ይቅርታ ከመጻፋቸው በፊት በሕይወታቸው ትልቅ ቦታ ስለሚሰጡት ዕሴት እንዲያሰላስሉ የተደረጉ ሰዎች የጻፉት ይቅርታ ይበልጥ የተሟላና መከላከያ የቀነሰበት ሆኖ አግኝታዋለች። ከድርም ከመጻፉ በፊት ጥሩ አባትና ታታሪ ሾፌር መሆኑን ለራሱ ቢያስታውስ፣ አንድ ሐሙስ የፈጸመው ጥፋት ይህን ሁሉ እንደማይሰርዝበት ይረዳል። ያን ለነስሩ መጻፍ ግን አያስፈልገውም። ለራሱ የሚነግረው ነው።

ሁለት ዓምድ፣ አንድ ወረቀት

አሁን እንጻፍ። በስልክ ላይ ሳይሆን በወረቀት መጀመር ይሻላል። ወረቀቱን በመስመር ለሁለት ክፈል። በአንዱ ወገን «ያደረግኩት»፣ በሌላው «የደረሰበት» በል። የከድር ወረቀት እንዲህ ይሆናል። ያደረግኩት፦ አሥር ሰዓት እመጣለሁ አልኩ፤ የአጋሮ ጭነት ተቀበልኩ፤ አልነገርኩትም፤ ስልኩን እያየሁ አላነሳሁም። የደረሰበት፦ ስምንት ማዳበሪያ ቀይ ቡና አደረ፤ ጣቢያው አልቀበልም አለው፤ አልጋ ላይ አሰጣው፤ ለቃሚዎቹን ሳይከፍል ሸኘ፤ እነሱ ፊት አፈረ።

ሁለተኛው ዓምድ ሊሞላ ካልቻለ ለመጻፍ ገና ነህ። ከድር ስለ ለቃሚዎቹ ያላወቀ ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ነበረበት። ብዙ ጊዜ ትልቁ ቁስል ያለው ደግሞ ከዓምዱ ግርጌ ነው። የዋጋው ልዩነት ለነስሩ ከባድ ነው፤ በለቃሚዎቹ ፊት እንደ ዋሾ መቆሙ ግን ይብሳል፤ ብር አይመልሰውምና። ገንዘቡን ብቻ ጠቅሶ ውርደቱን የዘለለ መልእክት ግማሽ ታሪክ ነው።

ከዚህ በኋላ ቅደም ተከተሉ ራሱን ይመራል። ያደረግኩት፣ የደረሰብህ፣ እውነተኛው ምክንያት በአጭሩ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ፣ የምጠግንበት መንገድ፣ ለመልስ ነፃነት መስጠት። ከድር እንደገና የጻፈው ይህን ነው፦

«ነስሩ፣ ሐሙስ አሥር ሰዓት እመጣለሁ ብዬህ አልመጣሁም። ስትደውልም ስምህን እያየሁ አላነሳሁም። በእኔ ምክንያት ቀይ ቡናህ በማዳበሪያ አድሮ ተበላሸ፣ ጣቢያውም መለሰብህ። ለቃሚዎቹንም ሳትከፍል እንድትሸኝ አደረግኩህ፤ እነሱ ፊት ያቆምኩህ እኔ ነኝ። የአጋሮ ጭነት መጥቶልኝ ገንዘቡን መረጥኩ፣ ልነግርህ አፍሬ ዝም አልኩ። አንድ ጊዜ ደውዬ ብነግርህ ሌላ መኪና ታገኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አፉ በለኝ። ጣቢያው ቢቀበልህ ታገኝ የነበረውንና ጀንፈሉ የሚያወጣውን ልዩነት እኔ እከፍላለሁ፤ የለቃሚዎቹን ግን ዛሬውኑ ልልክልህ እችላለሁ፣ ስንት እንደሆነ ንገረኝ። ለቀጣዩ ለቀማ መኪናዬን ከፈለግካት ከጠዋት ጀምሬ ሰቃ አቆማታለሁ። ሌላ ሰው ብትመርጥም ይገባኛል። ለመመለስ አትቸኩል። ና ባልከኝ ቀን እመጣለሁ።»

ይህ መልእክት ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ግን ስለ ከድር ስሜት የሚያወራው ጥቂት ነው። ምክንያቱ ከጉዳቱ በኋላ መጥቷል፣ ራሱንም አያስመሰግንም። «አንተም ሌላ መኪና ማናገር ትችል ነበር» የሚለው ወቀሳ ተገልብጦ «ብነግርህ ሌላ መኪና ታገኝ ነበር» ሆኗል፤ ነገሩ ያው ሲሆን ኃላፊነቱ ግን ወደ ባለቤቱ ተመልሷል። «አፉ በለኝ» አንድ ጊዜ ብቻ ተባለ፣ ከጥፋቱ ስም ጎን ለጎን።

ጥገናው ላይ ትንሽ እንቆይ። «የምትፈልገውን ሁሉ አደርጋለሁ» የሚል ተስፋ ባዶ ነው፤ ሥራውን ለተበዳዩ ይተዋል፣ የሚጠይቀውም እሱ ይሆናል። ከድር የሚከፍለውን፣ የሚሠራውንና ጊዜውን ለይቶ ጻፈ። በሌላ በኩል በወዳጅ መካከል ገንዘብ ስስ ነገር ነው፤ ብር ቀድሞ ከተጻፈ «ከፍሎኝ ሊገላገል ነው» ያሰኛል። ስለዚህ ከጥፋቱና ከውርደቱ በኋላ መጣ። ማድረግ የማትችለውን ደግሞ አትጻፍ፤ ሁለተኛ የፈረሰ ቃል ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ቋንቋው፣ ሰዓቱ፣ መላኪያው

ከጓደኛህ ጋር በምታወራበት ቋንቋና አነጋገር ጻፍ። ሰቃና ጅማ ሰው ኦሮምኛና አማርኛ እያፈራረቀ ያወራል፤ ሁልጊዜ በኦሮምኛ የምታዋራውን ሰው ለይቅርታ ጊዜ በመደበኛ አማርኛ ብትጽፍለት የማያውቀው ሰው የጻፈለት ይመስለዋል። «ለተፈጠረው መጉላላት ከልብ የመነጨ ይቅርታዬን አቀርባለሁ» የሚለውም የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ነው፤ መብራት ሲጠፋ የምንሰማው ዓይነት። በቅጽል ስም የምትጠራውን ሰው በድንገት በሙሉ ስሙ መጥራትም እንዲሁ ያርቃል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ሲንቲያ ፍራንዝና ኮርትኒ ቤኒግሰን በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ጥቂት ዘግየት ብሎ የመጣ ይቅርታ ወዲያው ከመጣው ይልቅ ተበዳዩን እንደሚያረካ አሳይተዋል፤ ምክንያቱም በመካከል ተበዳዩ የተሰማውን ለመናገርና ተሰማሁ ለማለት ዕድል ስለሚያገኝ ነው። ይህ ግን ለይቅርታው እንጂ ለወሬው አይሠራም። ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ «አልመጣም፣ ሌላ መኪና ፈልግ» የምትል አንዲት መስመር ቡናውን ታድነው ነበር። ጉዳቱ ገና ሊቀንስ የሚችል ከሆነ እውነቱን ወዲያው ንገር፤ ይቅርታውን አስበህበት ቀጥል።

በቴሌግራም የምትልክ ከሆነ ረቂቁን ጓደኛህ ሳጥን ውስጥ አትጻፈው፤ «እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት ሲበራና ሲጠፋ ያያል። ወረቀት ላይ ወይም `Saved Messages` ውስጥ ጨርሰው። ከላክኸው በኋላም አትነካካው፤ የታረመ መልእክት ጎን `edited` የሚል ይወጣል፣ አንባቢውም «ምኑን ቀየረው?» ይላል። ከመላክህ በፊት ግን ጮክ ብለህ አንብበው፤ በአንተ ድምፅ ሳይሆን በነስሩ ጆሮ። ነስሩ ይህን ለሚስቱ ቢያነብላት፣ መሐል ላይ ቆሞ «ውሸት ነው» ወይም «ይህን ደግሞ ዘለለው» የሚልበት ቦታ ካገኘህ፣ የሚታረመው እሱ ነው።

የመጀመሪያው መልስ ሲመጣ

ጥሩ መልእክት ሁሉ በይቅርታ አይመለስም። ጓደኛህ ዝም ሊል ይችላል፤ ያኔ «አየኸው?» ብለህ አትከተለው። ተመሳሳይ ጥፋት ለሦስተኛ ጊዜ ከሆነም የሚመልሰው ጽሑፍ ሳይሆን የሚታይ ለውጥ ነው። በልብህ ጥፋቱ የአንተ ነው ብለህ ካላመንክ ደግሞ ይህን ሁሉ ከመጻፍ «ቁጭ ብለን እንነጋገር» ብሎ መጠየቅ የበለጠ ሐቀኛ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ነስሩ እንዲህ ሲመልስ ነው፦ «ገንዘቡ ይቅር። አንድ ለቃሚ እየሳቀ ጓደኛህ የታለ ያለኝን መቼም አልረሳውም። አንተ ሁልጊዜም ለብር ስትል ሰው ትሸጣለህ።» «ሁልጊዜም» የሚለው የተጋነነ ነው፤ ከድርም ባለፈው ዓመት በነጻ ያመላለሰለትን ጭነት ሊቆጥርለት እጁ ይበላዋል። ከቆጠረ ያ ሁሉ የታረመ መልእክት ተመልሶ መጀመሪያው ረቂቅ ይሆናል። ነስሩ በቁጣ ውስጥ ሆኖም አንድ አዲስ ነገር ነግሮታል፤ ስለ ለቃሚው ሳቅ። ከድር የማያውቀው፣ በሁለተኛው ዓምድ ያልተጻፈ ነበር። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ አጭር ነው፦ «ይህን አላወቅኩም ነበር። ሰው እንዲስቅብህ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከፈቀድክልኝ ክፍያቸውን ራሴ ይዤ መጥቼ፣ የቀረሁት እኔ መሆኔን ለለቃሚዎቹ እነግራቸዋለሁ።»

በዚህ መልስ ውስጥ ይቅርታ የሚል ቃል የለም፤ ግን ጥገናው ጉዳቱ የደረሰበት ቦታ ድረስ ሄዷል። ውርደቱ በለቃሚዎች ፊት ነበር፤ እውነቱም በእነሱው ፊት ይነገራል። ነስሩ ቢፈቅድም ባይፈቅድም፣ ከድር አሁን የተበዳዩን ታሪክ እስከ መጨረሻው ሰምቶ በራሱ አፍ ደግሞታል። ከዚያ ወዲያ ያለው የነስሩ ነው፤ ከድር የሚጠበቅበት ና ሲባል መሄድና የተናገረውን መክፈል ነው።